አንድ ትዕይንት፣ ሦስት ልብ፦ ትረካዬ ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ አስቸገረኝ

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ መጽሔት የላክሁለትን አጭር ልቦለድ ከመለሰልኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። አብሮት ከመጣው ማስታወሻ ውስጥ ልቤ ላይ የቀረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «የቡናው ትዕይንት ላይ አንጻሩ ይዘልላል፤ የማን ልብ ውስጥ እንዳለን አናውቅም» ይላል። እኔ ግን ደጋግሜ ባነበው ምኑ እንደሚዘልል አልታይህ አለኝ። የጻፍሁት በሦስተኛ መደብ ነው፤ «እኔ» የሚል ተራኪ የለበትም፤ ስለዚህ ተራኪው የሁሉንም ልብ ቢያውቅ ምን ነውር አለው?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰብለ ቤሩት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። በየወሩ የምትልከውን ገንዘብ ወንድሟ ዳዊት ቤት ይሠራበታል ብላ ታምናለች፤ ቤት የሚባል ነገር ግን የለም። እናታቸው ወይዘሮ አበበች ይህን ያውቃሉ። በመጣች በማግስቱ ሦስቱ ቡና ላይ ተቀምጠዋል። ዐረፍተ ነገሮቹን ለመጠቆም እንዲመች ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

1. ሰብለ ቡናውን ቀዳችና የመጀመሪያውን ሲኒ ለእናቷ አቀበለቻቸው።
2. ዘጠኝ ዓመት ቤሩት ስትኖር ከሁሉ በላይ የናፈቃት ይህ ሽታ ነበር።
3. ዳዊት የእህቱን እጅ ሲያይ ከፋው፤ በረኪና የላጠው ቆዳዋ የእሱ ዕዳ መሰለው።
4. «ቤቱን መቼ ነው የምናየው?» አለች ሰብለ፣ ፊቷ በደስታ እየበራ።
5. ዳዊት ነገሩን ሊያስረሳት ስለ መንገዱ መጨናነቅ ያወራ ጀመር።
6. ወይዘሮ አበበች ነገሩ ዛሬ እንዳይወጣ ፈራች፤ የቡናው ጣዕም ጠፋባት።
7. ለካ እናቷ ሁሉን ታውቅ ኖሯል።

ስህተቱ የት ላይ እንደሆነና እንዴት እንደሚስተካከል የሚያሳየኝ ሰው ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

የወንዝ ልጅ

እኔ ስህተት አላየሁበትም። ይህ ሁሉን አወቅ ተራኪ የምንለው ነው፤ የአማርኛ ልቦለድም ያደገው በእሱ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በአንድ ሰው ልብ ብቻ ተወስኖ ቢጻፍ ኖሮ ያን ያህል ሰፊ ዓለም ሊይዝ ባልቻለም ነበር። በአንድ ትዕይንት አንድ ልብ ብቻ የሚለው ደንብ ከውጭ የመጣ የጽሕፈት ትምህርት ነው እንጂ ሥነ ጽሑፍ የሚቆምበትና የሚወድቅበት ሕግ አይደለም። መጽሔቱን ይተዉትና ለሌላ ይላኩት።

አቦል

እኔ ደግሞ ቀላል መፍትሔ አለኝ። ከሰብለ በስተቀር በሌሎቹ ስሜት ላይ ሁሉ «መሰላት» የሚለውን ይጨምሩበት። «ዳዊት የከፋው መሰላት»፣ «እናቷ የፈሩ መሰላት»፣ «ነገሩን ሊያስረሳት የፈለገ መሰላት» ይበሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በሰብለ በኩል ያለፈ ይሆናል፤ ሌላ ምንም መነካት የለበትም።

ባለ እርሳስ

ማለዳ፣ ቁጥር ስለሰጡት አመሰግናለሁ፤ ሥራውን አቅልለውልናል። የሌሎች ሰዎችን ረቂቅ ሳርም ብዙ ዘመን ስለቆየሁ ጠረጴዛዬ ላይ የማደርገውን ልንገርዎት።

ገጹን በወረቀት አትሜ ሦስት ቀለም እርሳስ አዘጋጃለሁ፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ቀለም ማለት ነው። ከዚያም ከሰውየው ልብ ውስጥ ካልተገባ በቀር ሊታወቅ የማይችለውን ሐረግ ብቻ በባለቤቱ ቀለም አሰምርበታለሁ። ንግግርን፣ እንቅስቃሴን፣ ዕቃን አልነካም። በእርስዎ ጽሑፍ ላይ ይህን ሳደርግ 2 የሰብለ ነው፤ 3 የዳዊት፣ 5 የዳዊት፣ 6 የወይዘሮ አበበች፣ 7 ደግሞ እንደገና የሰብለ ሆኖ ይወጣል። በሰባት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንባቢው ሦስት ጊዜ ቦታ ተቀይሮበታል፤ አንድም ጊዜ ግን «ተነሣ፣ ወደዚያ ልናልፍ ነው» አልተባለም።

አሁን ከቀለሙ በላይ የሚያጋልጠውን ላሳይዎት። በ1 «አቀበለቻቸው» ብለዋል፤ ሰብለ እናቷን አንቱ ስለምትል ትረካውም አንቱ አለ። በ6 ግን «ፈራች»፣ «ጠፋባት» ብለዋል። ወይዘሮ አበበችን ያላከበሩት ሆን ብለው አይመስለኝም። ሰው ራሱን አንቱ አይልም፤ እርስዎም ሳያውቁት ከሴትዮዋ ልብ ውስጥ ገብተው ስለጻፉ ግሡ ዝቅ አለ። ከዚያ 7 ላይ በሰብለ ዓይን ተመልሰው ሳለ እንኳ «ታውቅ ኖሯል» አሉ፤ የ6 ግፊት ገና አልለቀቀዎትም። በአማርኛ የአክብሮት መንገድ መቀያየር የአንጻር መንሸራተት ከሚተዋቸው ፈለጎች ሁሉ በግልጽ የሚታየው ነው። አንድ ሰው በአንድ ትዕይንት ውስጥ አንዴ «አሉ» አንዴ «አለች» ከተባለ፣ ዘወር ብዬ የማን ወንበር ላይ እንደተቀመጥሁ አጣራለሁ።

ሁለተኛው ፈለግ ከዚህ ይልቅ ይደበቃል። 5ን ይመልከቱ፤ ስሜት የሚገልጽ ቃል የለበትም፤ ሰው ያወራል፣ ያ ብቻ ነው። ነገር ግን «ሊያስረሳት» የምትለው አንዲት ቃል የዳዊትን ዓላማ ዘርግፋለች። አንድ ሰው ስለ መንገድ ሲያወራ ሰብለ ትሰማዋለች፤ ለምን እንደሚያወራ ግን ራሱ ዳዊት ብቻ ነው የሚያውቀው። «ሊ» እና «ልት» ብለው የሚነሡ፣ «እንዳይ» የሚሉ፣ «ብሎ» እና «ብላ» የሚሉ ሐረጎች ሁሉ በጀርባቸው የአንድ ሰው ሐሳብ አለ። በኮምፒውተር የሚጽፉ ከሆነ በመፈለጊያው ሳጥን ላይ መጀመሪያ አንድ ባዶ ቦታ ትተው «ሊ» ብለው ይጻፉ፤ ባዶ ቦታውን ካልተዉ በቃል መካከልና መጨረሻ ያለውን «ሊ» ሁሉ ያግተለትልብዎታል። ለሴት «ልት»ን እንዲሁ ይፈልጉ። የሚመጣው ሁሉ ስህተት አይደለም፤ «በሩን ልትከፍት ተነሣች» ቢባል እጇ ከመቀርቀሪያው ላይ ስለሚታይ ማንም ያየዋል። የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ዓላማ የአንጻሩ ባለቤት ከተቀመጠችበት ሆና ልታየው ትችላለች ወይ?

4ም ትንሽ እንከን አለበት። ሰብለ ፊቷ ሲበራ አታየውም። ደስታውን ከውስጥ ይሰማታል እንጂ መስተዋት በፊቷ የለም።

የወንዝ ልጅ ስለ ሁሉን አወቅ ተራኪ ላነሡት ሐሳብ ለብቻው እመለሳለሁ።

ጎርፉ

ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኛል። የኔ ረጅም ልቦለድ ነው፤ አንዱን ምዕራፍ በባልየው፣ ቀጣዩን በሚስትየው በኩል እያፈራረቅሁ ነው የጻፍሁት። አሁን ይህን ሳነብ ሁሉንም በአንድ ሰው አድርጌ እንደገና ልጽፈው ነው ማለት ነው? 19 ምዕራፍ ነው፤ እጄ ይዝላል።

ባለ እርሳስ

ጎርፉ፣ አይንኩት። የማለዳ ችግር በአንድ ትዕይንት ውስጥ ያለ ዝላይ ነው፤ የእርስዎ ግን በምዕራፍና በምዕራፍ መካከል የሚደረግ ቅብብል ነው። አንባቢ ምዕራፍ ሲያልቅ በራሱ ይነሣል፤ የትም ሊወስዱት ይችላሉ። የሚጠበቅብዎት በአዲሱ ምዕራፍ የመጀመሪያ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ በማን በኩል እንደምናይ ማሳወቅ ነው። ባልየው በስሙ ከተጠራና አንድ ነገር ካየ ወይም ከተሰማው ይበቃል። ምዕራፉ በምልልስ ከተጀመረና ስሙ ከግማሽ ገጽ በኋላ ከመጣ ግን አንባቢ የሚስትየውን ልብ ይዞ ይገባና ኋላ ላይ ይደነቃቀፋል።

የወንዝ ልጅ

እኔ ግን መልስ እየጠበቅሁ ነው። ቶልስቶይ በ«አና ካሬኒና» ውስጥ ሌቪን ለአደን ሲወጣ ትረካው ከሰውየው ወጥቶ ላስካ የምትባለው ውሻው ምን እንዳሸተተችና ስለ ጌታዋ ምን እንዳሰበች ይነግረናል። ከሰው ወደ ውሻ ማለፍ ከተፈቀደ ከወንድም ወደ እናት ማለፍ ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ?

ባለ እርሳስ

ምሳሌው ጥሩ ነው፤ የእኔን ነገርም የሚያስረዳልኝ እሱው ነው። ቶልስቶይ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ መስመር ጀምሮ ከሁሉም ገጸ ባሕርያት በላይ የቆመ፣ ስለ ቤተሰብ በአጠቃላይ የሚናገር፣ የራሱ ድምፅ ያለው ተራኪ አቁሟል። አንባቢው የተቀመጠው ከዚያ ተራኪ ጎን ነው። ተራኪው ጣቱን ወደ ሌቪን ቢጠቁም፣ ኋላም ወደ ውሻይቱ ቢጠቁም፣ አንባቢው ከነበረበት አልተነሣም። ሁሉን አወቅነት ማለት ይህ ነው እንጂ ብዙ ልብ ውስጥ መግባት ብቻውን አይደለም።

አንድ ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ ለመለየት እንዲህ አደርጋለሁ። የገጸ ባሕርያቱን ውስጣዊ ሐሳብ በሙሉ እሰርዝና የቀረውን አነባለሁ። ከቀረው ውስጥ ከሦስቱ አንዳቸውም የማያውቁትን የሚናገር፣ የሚፈርድ፣ ስለ ሰፈሩ ወይም ስለ ዘመኑ የሚያወሳ ድምፅ ካለ ተራኪ አለ ማለት ነው። የማለዳን ሰባት ዐረፍተ ነገሮች እንዲህ ብናደርጋቸው የሚቀረው ሲኒ፣ አንድ ጥያቄና ስለ መንገድ የተወራ ወሬ ነው። እላይ የቆመ ማንም የለም። 2 በሰብለ አፍንጫ አሽትቶናል፤ ያ ሽታ ለአንባቢው የሰብለን ወንበር ሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ መንጠቅ ነው ዝላይ የሚባለው።

ስለዚህ የወንዝ ልጅ ያሉት መንገድ ዝግ አይደለም፤ ማለዳ ከፈለጉ ሁሉን አወቅ አድርገው ሊጽፉት ይችላሉ። ነገር ግን ያ የሚሆነው ሌላ ልብ በመጨመር ሳይሆን ተራኪውን ከመጀመሪያው መስመር በማቆም ነው፤ ስምንት ገጽ ባለው አጭር ልቦለድ ይህ ድምፅ ብዙ ቦታ ይወስዳል። ደግሞም የተራኪው አንቱታ የራሱ ይሆናል። ወይዘሮ አበበችን አንቱ የሚል ተራኪ ከልባቸው ውስጥ ገብቶም «ፈሩ» ይላል እንጂ «ፈራች» አይልም።

የወንዝ ልጅ

ወንበር የሚለው አገላለጽ አሳምኖኛል። ነገር ግን አንባቢ ይህን ሁሉ ያስተውላል የሚለውን አሁንም እጠራጠራለሁ። አንባቢ የሚፈልገው ታሪኩን ነው።

ማለዳ

ይህን ጥያቄ ለመሞከር ዛሬ ረቂቁን ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋት። ስለ አንጻር ምንም አልነገርኋትም፤ «የት ላይ ሰለቸሽ?» ብቻ ነው ያልኋት። የቡናውን ትዕይንት አንብባ ስትጨርስ «ቤቱ እንደሌለ ሦስተኛው መስመር ላይ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰብለ እስክትደርስብኝ ጠበቅኋት» አለችኝ። የታሪኩ መጨረሻ ሰብለ ባዶውን መሬት ስታይ ነው፤ እኔ በሦስተኛው መስመር አባክኜዋለሁ ማለት ነው። ዝላዩን አላስተዋለችም፤ የጠፋውን ግን አስተውላለች።

ባለ እርሳስ

የአክስትዎ ልጅ ዋናውን ነገር ተናግራለች። ምስጢር የያዘ ሰው ልብ ውስጥ ሲገቡ ሁለት ዕጣ ብቻ ነው የሚገጥምዎት። ወይ ምስጢሩ ይወጣል፤ 3 ላይ የሆነው ይህ ነው፤ «የእሱ ዕዳ መሰለው» ሲሉ ጥፋት እንዳለበት ነገሩን። ወይም ደግሞ ከልቡ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ በጣም የሚያስጨንቀውን ነገር እንዳያስብ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ አንባቢ ኋላ ላይ እውነቱን ሲያውቅ እንደተታለለ ይሰማዋል። ከዳዊት ውጭ ብንቀመጥ ግን ከሁለቱም እንድናለን።

ዋርካ

እስካሁን ሁላችሁም ባለቤቷ ሰብለ ትሁን ብላችሁ ወስናችሁ ነው የምትናገሩት። እኔ አልስማማም። በዚህ ክፍል ውስጥ በጣም የሚያመው ያለው ከእናትየው ዘንድ ነው። ሰብለ አታውቅም፤ ዳዊት ያውቃል፤ ግን የሚያስበው ስለ ራሱ ነው። ወይዘሮ አበበች ሁሉን እያወቁ የልጃቸውን ቡና ይጠጣሉ። ትዕይንቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእርሳቸው በኩል ቢጻፍ አንባቢ ምስጢሩን ቀድሞ ያውቃል፤ ግን የሚያስጨንቀው «ምን ተፈጠረ?» ሳይሆን «እስከ መቼ ዝም ይላሉ?» ይሆናል። የላጠውን እጅ ዳዊት ሳይሆን እናት ያየችው እንደሆነ ያስቡት።

ማለዳ

ዋርካ፣ ይህ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ነገር ግን የኔ ታሪክ በባዶው መሬት ላይ የሚያልቅ ስለሆነ፣ በእናትየው በኩል ከጻፍሁት መጨረሻው ሌላ መሆን አለበት። ለአሁኑ ሰብለን ይዤ ሞከርሁት።

*ሰብለ ቡናውን ቀድታ የመጀመሪያውን ሲኒ ለእናቷ አቀበለቻቸው። ዘጠኝ ዓመት ቤሩት ስትኖር ከሁሉ በላይ የናፈቃት ይህ ሽታ ነበር። ዳዊት የከፋው መሰላት። እጇን ያየው መሰላት። «ቤቱን መቼ ነው የምናየው?» አለች። ዳዊት ነገሩን ሊያስረሳት የፈለገ ይመስል ስለ መንገዱ መጨናነቅ ያወራ ጀመር። እናቷ የሆነ ነገር የፈሩ መሰሏት።*

የአቦልን ምክር ተከትዬ ነው፤ ግን ስታነቡት እንደምታዩት ሰብለ የምትጠረጥር ሴት ሆነችብኝ። ምንም የማታውቀው ሰብለ አሁን ሁሉን ታውቃለች።

አቦል

እውነትም። «መሰላት»ን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሲያዩት ራስ ያማል። ምክሬን በከፊል አነሣለሁ።

ባለ እርሳስ

አቦል፣ በከፊል ብቻ ነው መነሣት ያለበትም። «መሰላት» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን የሚጠቅመው ባለቤቲቱ ስትሳሳት ነው። ማለዳ የጻፉት ላይ ሰብለ የመሰላት ሁሉ ልክ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የተራኪው መደበቂያ ሆኖ ቀርቷል፤ የዳዊትን ልብ በሰብለ ስም ነው የነገረን።

ሌላ ሰው ልብ ውስጥ የነበረውን ወደ ውጭ ለማውጣት መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው ያ ስሜት በሰውነቱ ላይ፣ በእጁ ባለው ዕቃ ላይ ወይም በንግግሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው። «ከፋው» የሚለው ልብ ውስጥ ነው፤ ዓይኑ የት ላይ እንደቆየ ግን ሰብለ ታየዋለች። «ሊያስረሳት» ልብ ውስጥ ነው፤ ለጥያቄዋ መልስ ያልሆነ ነገር መናገሩን ግን ትሰማለች፤ ንግግሩን ራሱን ከጻፉት ዓላማውን አንባቢ ያገኘዋል። የወይዘሮ አበበች ፍርሃትም እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ ቡናው ራሱ ሊያግዝዎት ይችላል። ከዚያ በኋላ ለሰብለ አንድ የተሳሳተ ግምት ይስጧት፤ «መሰላት»ን እዚያ ላይ ብቻ ይጠቀሙበት።

የሚያጠራጥር ቃል ሲገጥምዎት የአንጻሩን ባለቤት ዓይኗን ጨፍነው ይሞክሩ። «ደነገጠ»፣ «ተቆጣ» የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ ከውጭም ይታያሉ፤ ሰብለ ብትጨፍን አታውቃቸውም፤ ስለዚህ ያወቀችው በማየት ነው፣ ይለፉ። «ናፈቀው»፣ «ቆጨው»፣ «ታወሰው» ግን ብትጨፍንም ባትጨፍንም አታውቃቸውም፤ እነዚህ የባለቤቱ ብቻ ናቸው።

7ን ደግሞ ይሰርዙት። «ለካ» እና «ኖሯል» አንድ ሰው በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር እንደደረሰበት የሚናገሩ ቃላት ናቸው። ሰብለ ግን በዚህ ትዕይንት ውስጥ ያየችው ምንም ነገር ወደዚያ አላደረሳትም፤ የደረሰው 6ን ያነበበው አንባቢ ነው። የአንባቢን መረዳት ለገጸ ባሕርይዋ አበድረዋታል።

ሚጢጢ

ጥያቄዬ ከዚህ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። እኔ በ«እኔ» ነው የምጽፈው። ተራኪዬ የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ በሌላ ክፍል ሲጣሉ እሱ ተኝቷል፤ ግን ጠቡን በዝርዝር ጽፌዋለሁ። ስህተት ነው?

ባለ እርሳስ

ተኝቶ ከሆነ ስህተት ነው። ይቀስቅሱትና ግድግዳው ያሳለፈለትን ብቻ ይስማ፤ ግማሽ ንግግር ከሙሉ ጠብ ይበልጣል። ወይም ካደገ በኋላ የሚተርክ ከሆነ እህቱ እንዴት እንደነገረችው ይናገር፤ ያን ጊዜ የእህቱ አነጋገርም አብሮ ይገባል።

ዋርካ

ስለ አንቱታው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እኛ ቤት፣ አዲስ አበባም የማውቃቸው ብዙ ቤቶች፣ እናት አንቺ ነው የምትባለው። በእንዲህ ያለ ቤት የሰብለ ትረካ «አቀበለቻት» ይላል፤ የእናትየውም ትረካ «ፈራች» ይላል፤ ዝላዩ በግሡ ላይ ምንም ፈለግ አይተውም። ስለዚህ ባለ እርሳስ ያሉት ፈለግ በአንዳንድ ቤት ብቻ የሚሠራ ነው።

ባለ እርሳስ

ልክ ነዎት። እንዲህ በሆነ ጊዜ እኔ የምመለከተው አጠራርን ነው። በሰብለ ወንበር ላይ ስንሆን ሴትዮዋ «እናቷ» ናት፤ በድንገት «ወይዘሮ አበበች» ከተባለች አንድ ሰው ከውጭ መጥቷል። በ6 ላይ የሆነው ይህም ጭምር ነው። ልጅ እናቷን በልቧ «ወይዘሮ» አትላትም። ግን እቀበላለሁ፤ ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም፤ ቀለም እርሳሱ የማይቀርልን ለዚህ ነው።

ማለዳ

እንደገና ጻፍሁት። አራተኛዬ ነው።

*ሰብለ ቡናውን ቀድታ የመጀመሪያውን ሲኒ ለእናቷ አቀበለቻቸው። ዘጠኝ ዓመት ቤሩት ስትኖር ከሁሉ በላይ የናፈቃት ይህ ሽታ ነበር። ዳዊት የራሱን ሲቀበላት ዓይኑ እጇ ላይ ቆየ፤ በረኪና የላጠው ቆዳዋ አሳፈራትና ጣቶቿን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።*

*«ቤቱን መቼ ነው የምናየው?» አለች።*

*«የዛሬው መንገድ እንዴት ያለ ነው! ከመርካቶ እዚህ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ» አለ ዳዊት።*

*ያልሰማት መሰላት። ደግማ ልትጠይቀው ስትል እናቷ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። ከግማሽ በላይ ቡና ነበረበት። እናቷ አቦል ሲያስተርፉ አይታ አታውቅም።*

*«ስኳር አነሰው?» አለቻቸው።*

አቦል

«ስኳር አነሰው?» የምትለዋ ገደለችኝ። በስሜ የተጠራው ቡና ለዚህ ሲውል ማየቴም ደስ ብሎኛል።

ባለ እርሳስ

ቀለም እርሳሶቼን አወጣሁ፤ አንድ ቀለም ብቻ ነው የወጣው። ከሁሉ የወደድሁት የእጁን ነገር ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ እጁ የዳዊት ጸጸት ነበር፤ አሁን የሰብለ እፍረት ሆኗል። ዳዊት ምን እንደተሰማው ማንም አልነገረኝም፤ እሷ ግን የእሱን ዕዳ ስትሸፍንለት አየኋት። «ያልሰማት መሰላት»ም ስህተት ስለሆነ በቦታው ገብቷል። «ልትጠይቀው» የራሷ ዓላማ ነው፤ ይቆይ።

አንድ ነገር ብቻ ያጥብቁ። «ዓይኑ እጇ ላይ ቆየ» የሚለውን ሰብለ ልታየው የምትችለው እሷም ቀና ብላ እያየችው ከሆነ ነው፤ ሲኒ የምታቀብል ሴት ዓይኗ ሲኒው ላይ ነው። ምናልባት ሲኒውን ቶሎ ባይቀበላት፣ እሷም ለምን እንደዘገየ ቀና ብላ ብታይ ይሻላል።

የወንዝ ልጅ

ሁለቱን ጎን ለጎን አነበብኋቸው። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። ግን አንድ ነገር ጎድሎብኛል፤ በመጀመሪያው ላይ ዳዊት ያሳዝነኝ ነበር፤ አሁን ሌባ ብቻ ሆነብኝ። ሁሉን አወቅነት ለሁሉም የሚራራበት መንገድ ነበረው።

ዋርካ

የወንዝ ልጅ ያሉት እውነት ነው፤ የተከፈለ ዋጋ አለ። እኔም አሁንም በእናትየው በኩል ቢሆን ኖሮ ለዳዊት የሚሆን ርኅራኄ ይተርፍ ነበር ባይ ነኝ። ልጃቸው ነውና።

ማለዳ

እኔም ዳዊትን ማጣቴ ቆጭቶኛል። ስለዚህ ከቡናው በኋላ ባዶ መስመር ትቼ፣ ዳዊት ማታ ብቻውን በር ላይ ተቀምጦ የሚያጨስበትን አጭር ትዕይንት በእሱ በኩል ልጨምር አስቤያለሁ። ግን ባለ እርሳስ ቀደም ብለው ያሉት ያስፈራኛል። ልቡ ውስጥ ከገባሁ ስለ ገንዘቡ ማሰብ አለበት፤ ካሰበ የባዶው መሬት ትዕይንት ይሞታል።

ባለ እርሳስ

ስለዚህ ትዕይንቱን ከባዶው መሬት በኋላ ያድርጉት። ያን ጊዜ የሚደብቀው የለም፤ በልቡ ያለውን ሁሉ ሊነግረን ይችላል።

ዋርካ

ወይም በፊት ይሁንና ስለ ገንዘቡ አያስብ። ሰው በጣም የሚያስጨንቀውን ነገር ሸሽቶ ስለ ጫማው ማሰሪያ የሚያስብበት ማታ አለ። ይህ ማታለል አይደለም፤ ዳዊት ራሱ ከራሱ የሚሸሽ ሰው ከሆነ።

ባለ እርሳስ

ሽሽቱ ከታየ እስማማለሁ። ሐሳቡ ወደ አንድ ነገር ሊደርስ ሲል በተደጋጋሚ የሚታጠፍ ከሆነ አንባቢ የሚሸሸው ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ብቻ አያውቅም። ምንም ሳይታጠፍ በሰላም ሲጋራውን ካጨሰ ግን የአክስትዎ ልጅ ይህን ጊዜ ትቆጣለች።

ማለዳ

ሁለቱንም እጽፋቸዋለሁ፤ አንዱን ከመሬቱ በፊት፣ አንዱን በኋላ። እሑድ ለአክስቴ ልጅ አንብቤላት እዚሁ እመለሳለሁ።